የሻሹ መስመር

ወረታ ውስጥ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ አብዝቼ የተጨቃጨቅኩት ከሙሽሮች ጋር ነው። ጠይሟም፣ ጥቁሯም፣ ቀይ ዳማዋም «ቀይ አድርገኝ» ነው የሚሉት። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ፣ እያበላሸሁ የለመድኩት ነው። ነገር ግን የሰውን መልክ ቀይሮ «ይኸው አንቺ» ብሎ መስጠት ውሸት መሆኑን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ልጄንም ይህንኑ እየነገርኩ ነው ያሳደግኳት። እንዲህ እያልኩም ሙሽሮቹ ፊታቸውን ሲያጠቁሩብኝ ብዙ ጊዜ መልካቸውን አቅልቼላቸዋለሁ።

ባለቤቴ በጥር ሞተች። ታመመች፣ ባሕር ዳር ወሰድናት፣ አስከሬኗን ይዘን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ያለውን የማስታውሰው ሌላ ሰው ላይ እንደደረሰ ነገር ነው። ድንኳን ተተከለ፤ ሰው እየመጣ ጨበጠኝ፤ የቀረበልኝን በላሁ። አላለቀስኩም። ዘመድ ሁሉ ጠንካራ ነው አለኝ። ጥንካሬ አልነበረም። ውስጤ ምንም አልነበረም።

ለአርባዋ ትልቅ ፎቶ ያስፈልግ ነበር። በተዝካሩ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ይቀመጣል፣ በኋላ እናቷ ቤት ይሰቀላል። የፎቶ አንሺ ሚስት ፎቶ የላትም ቢባል ማን ያምናል? የሠርጋችን አለ፤ ያኔ ገና ልጅ ነበረች። የመታወቂያዋም አለ፤ ከጥፍር እምብዛም አይበልጥም። በየዓመቱ እናቷን ለማገዝ ሜዳው ላይ ወርዳ ሩዝ ታጭድ ነበር። እዚያ ዛፍ የለም፣ ጥላ የለም። ስትመለስ ፊቷ እሳት ውስጥ የቆየ ሸክላ ይመስላል። ካሜራ ባነሳሁ ቁጥር መዳፏን ዘርግታ ትከልለዋለች፤ «መልኬ ይመለስና ታነሳኛለህ» ትለኛለች። መልኳ ሲመለስ ደግሞ የሠርጉ ወራት ይገባል፤ እኔም የሰው ሚስት ሳነሳ እውላለሁ።

የተገኘችው አንዲት ፎቶ ልጄ ባለፈው አጨዳ በስልኳ ያነሳቻት ነች። ባለቤቴ ማጭዱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ላቧን ለመጥረግ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ትስቃለች። ፀሐይ ግን ፊቷን በልታታለች። አፍንጫዋና ጉንጮቿ ጠቁረው፣ ጥቁረቱ ላይ የጡብ መልክ ተደርቦበታል።

«አባዬ፣ እንዲህ ሆና ሰው ፊት መቀመጥ አትፈልግም ነበር» አለችኝ ልጄ።

ልክ ነበረች። በሕይወት ሳለች የጠየቀችኝ ይኸው አንድ ነገር ነው፤ እኔ ደግሞ የማውቀው ሥራ ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ በሩን ገርበብ አድርጌ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ሻሹ ገፋ ሲል ግንባሯ ላይ ፀሐይ ያልነካት ስስ መስመር ብቅ ብላ ነበር። እውነተኛ መልኳ ይህ ነው አልኩና ከዚያ ቀለም ቀድቼ ፊቷን በሙሉ አለበስኩት። የማንኛዋም ደንበኛ ፊት ይመስል ጨረስኩት። ልጄን ጠርቼ አሳየኋት።

ቆማ አየችው። «ይህ እኮ ለሙሽሮች የምትሠራው ነው» አለች።

ሥራውን አታውቂውም፣ ፀሐዩን አውጣልኝ ያልሽ አንቺ ነሽ ብዬ ተቆጣኋት። እሷ ግን አልሰማችኝም፤ ጣቷን ወደ ጉንጩ አስጠጋች።

«ማዲያቷንስ የት አደረስከው?»

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ባለቤቴ ልጃችንን ስታረግዝ የወጣባት ማዲያት ነበራት፤ ሁለቱ ጉንጮቿና የላይኛው ከንፈሯ ላይ። ከወለደችም በኋላ አልለቀቃትም። ልጅቷ ሳሙና ስታባክን ወይም ስትዘገይ ጉንጯን እያሳየች «ከሆዴ ሳትወጪ ጀምሮ ነው የምታበላሺኝ» ትላት ነበር፤ ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ ፀሐይ ነው ብዬ አጥፍቼዋለሁ። ከዓይኗ በታች ያለውን ጠቆር ያለ ቆዳ፣ የአፏን ዳርና ዳር፣ የጉንጯን ሞቅ ማለት፣ ሁሉንም አንድ አድርጌዋለሁ። ግንባር ሌላ ነው፣ ጉንጭ ሌላ ነው፤ በአንድ ሰው ፊት ላይ አንድ ቀለም የለም። ይህን ለሙሽሮቹ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ።

«አጥፋውና እንደገና ጀምር» አለች ልጄ። እንዲህ አዝዛኝ አታውቅም። አጠፋሁት።

በማግስቱ ስጀምር ከመስመሩ ቀለም አልቀዳሁም። የሻሹን መስመርና ከሥሩ ያለውን አስተያየሁ። መስመሩም ከሥሩ ያለውም ግንባር ነው፤ ያው ቆዳ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ፀሐይ የጨመረችው ብቻ ነው። ምን ያህል እንዳጠቆረች፣ ምን ያህል የጡቡን መልክ እንደጨመረች ከዚያ ላይ ለካሁ። ከዚያም የሥሩን ፎቶ ሳይነካ እንደ ስስ መስታወት የሚደረብ ሽፋን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ፣ ያንኑ መጠን ብቻ መቀነስ ያዝኩ። የጡቡን መልክ አደበዘዝኩ፣ ጥቁረቱን ትንሽ አነሳሁ። ብሩሹን በጣም አሳስቼ፣ ደጋግሜ አለፍኩበት። ፀሐይ የበረታችበት አፍንጫና ጉንጭ ላይ በዛ አድርጌ፣ ወደ ጆሮዋ ሲሄድ እያሳነስኩ ሄድኩ። ከአገጯ ሥር ፀሐይ አልደረሰችም፤ አልነካሁትም። አንገቷን ግን ካልነካሁ ፊቷ የሌላ ሰው ይመስላልና እሱንም አብሬ አለዘብኩት።

ማዲያቱ ያስቸግራል፤ ፀሐይ እሱንም አጥቁራዋለች። ግን የፀሐይ ጥቁረት ቀስ እያለ ይጠፋል፤ ማዲያት የራሱ ዳርቻ አለው። በዙሪያው ካለው ቆዳ የቀነስኩትን ያህል ከእሱም ቀነስኩና ዳርቻውን ተውኩት። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ «የግራው ሰፋ ይላል» ትለኛለች። ጉንጩ ከከንፈሩ፣ ከንፈሩ ከዓይኑ ሥር እንደተለያየ ቀረ። ጠይም ሆና ወጣች።

አማቴ ለተዝካሩ ዝግጅት ከገጠር ሲመጡ ፎቶ ቤቱ ገቡ። የታተመውን አንስቼ ሰጠኋቸው። ወደ በሩ ብርሃን ወስደው ራቅ ቀረብ አደረጉት።

«አጨዳ ሳትወርድ ያነሳሃት ናት?» አሉኝ።

አዎ ብል የሚጎዳ ሰው አልነበረም። ግን ለእናት ይዋሻል?

«አይደለም እማ። የእርስዎ ማሳ ላይ ሆና ነው። ፀሐዩን እኔ ነኝ ያነሳሁላት።»

«እኔ ደግሞ ማሳዬ ላይ እንደዚያ ሆና ነው የማውቃት» አሉ። ቀጥለው ማዲያቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። «እሷ ግን በዚህ መልኳ ትኮራ ነበር። ይህ ይቀመጥ።» በነጠላቸው ጠቅልለው ያዙት። ዓይናቸው ደርቆ ነበር፤ የእኔም።

ሲወጡ ልጄ በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ አጥፍቼው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላጠፋሁትም። ከሽፋኑ ሥር እንዳለ ነው። ሽፋኑን የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ምልክት አለ። ነካሁት፤ ፀሐይዋ ተመለሰች፣ ባለቤቴ ማጭድ ይዛ ማሳው ላይ ቆመች። ነካሁት፤ መልኳ ተመለሰ። እንደገና ነካሁት። መልኬ ይመለስና ታነሳኛለህ ያለችኝ ሴት፣ መልኳ ሲመለስም ስትጠቁርም ያው ትስቃለች። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። እጄ ብቻ ይሠራል።

«በቃ አባዬ» አለች ልጄ፤ እጇን እጄ ላይ ጭና አቆመችው። ሽፋኑ በርቶ ይሁን ጠፍቶ አላየሁም።