አውጪና ተቀባይ

ታናሽ እህቴ ከስዊድን ስትደውል ድምፅዋ የተሰበረ ነበር። በሚኖሩበት ከተማ የእኛ አገር የጉራጌ ወላጆች ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሽ ተከራይተው ልጆቻቸውን ዘፈን ያስተምራሉ። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ታዲያ «ምን እንደምል ሳላውቅ አልዘፍንም፤ ሁለተኛ አልሄድም» ብላ እምቢ አለች። «ልጅቷ ከእጄ ልትወጣብኝ ነው» አለችኝ እህቴ። «ቃሉን የሚውጥ የኪቦርድ ጩኸት የሌለበት፣ የራሳችንን ዘፈን ፈልጊልኝ።»

እኔ ወልቂጤ ተቀምጬ ዘፈን ላጣ? ቀላል መስሎኝ ወጣሁ። ድሮ ካሴት ይሸጥ የነበረው ሱቅ አሁን የስልክ ሽፋን ነው የሚሸጠው። ባለሱቁ ፍላሽ ላይ የጫነልኝን ቤቴ ገብቼ ስከፍተው ከላይ እስከ ታች ኪቦርድ ነው፤ የእህቴም ልጅ የተጣላችው ከዚሁ ጋር ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብኝ።

ስለዚህ እምድብር አካባቢ ወደምትኖረው አክስታችን ሄድኩ። ሴቶቹ ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ ዘፈኑን የምታወጣው እሷ ናት። ስልኬን ደቅኜ «በይ ዝፈኚልኝ» ብላት ሳቀችብኝ።

«ቁጭ ብዬ? ሥራ በሌለበት፣ ተቀባይ በሌለበት? አብደሻል እንዴ?»

የጎረቤት እንሰት የሚፋቅበትን ቀን ጠብቄ ተመለስኩ። ቀረጻው ወደ ስዊድን እንደሚላክ ያወቁት ሴቶች ግን ዘፈኑን ትተው ሰላምታ ጀመሩ። አንዷ ትመርቃለች፣ አንዷ የእህቴን ባል ጤንነት ትጠይቃለች፣ ሌላዋ «ምነው ጠፋሽ!» ብላ ማይኩ ላይ ትጮሃለች። ቤቴ ገብቼ ሳዳምጠው ዘፈኑ ከምርቃት ሥር ተቀብሯል። እንደገና ሄጄ፣ ሰላምታውን አስጨርሼ፣ ደህና ቅጂ ያዝኩና ላኩት።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። እዚያ ደግሞ ወላጆቹ ተጣሉ። ከቡታጅራ የሄደች አንዲት እናት «ይሄ የቸሃ ጉራጊኛ ነው፤ የእኛ የመስቃን እንዲህ አይደለም» አለች። አንዱ አባት ሊያስታርቅ ብሎ «ለምን ወደ አማርኛ አንመልሰውም?» አለ። በስልክ ባይሆን ኖሮ ምን እንደማደርገው እኔ አውቃለሁ። «እሷም የአገሯን ታስቀርጽ፣ ልጆቹ ሁለቱንም ይማሩ!» ብዬ ጮህኩ። በኋላ የቡታጅራዋ እናት አገር ቤት እንሴኖ ያለች እህቷን አስቀርጻ አመጣች።

የቀረው አስተማሪ ነበር። አክስቴን ወልቂጤ ቤቴ አምጥቼ ከልጅቷ ጋር በቪዲዮ አገናኘኋቸው። አክስቴ ታወጣለች፣ የልጅቷ መልስ ኔትወርኩ ላይ ተንከርፍፎ ሌላው ስንኝ ከተጀመረ በኋላ ይደርሳል።

«ይቺ ልጅ ትተኛለች እንዴ?» አለች አክስቴ።

በኢንተርኔት አብሮ መዝፈን እንደማይሆን ያኔ ገባኝ። አክስቴ ለብቻዋ እያወጣች፣ የተቀባዩን ቦታ ዝም ብላ እየተወች እንድትቀረጽ ለመንኳት። ዝም ማለት ግን አልቻለችም፤ መልሱንም ራሷ ትለዋለች። «ተይላት እንጂ!» እላታለሁ። «ታዲያ ዘፈኑ ይቋረጥ?» ትለኛለች። በመጨረሻ የተቀባዩ ተራ በደረሰ ቁጥር እጄን እያነሳሁ እንደ ትራፊክ ፖሊስ አስቆምኳት። የእያንዳንዱን ስንኝ ትርጉምም ለየብቻ አስነገርኳት፤ እጅሽ አይድከም፣ ልታግዢ የመጣሽ ጎረቤት ሆይ ቤትሽ ይሙላ፣ እያለ የሚሄድ ነው። እህቴ ለልጇ በስዊድንኛ አስረዳቻት።

ከሳምንታት በኋላ አክስቴ ለሕክምና መጥታ እኔ ዘንድ እያለች ልጅቷ በቪዲዮ ደወለች። ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ እሷ አውጪ፣ ሌሎቹ ልጆች ተቀባይ ሆነው ዘፍነዋል። ለእኛም ዘፈነችልን። ጉራጊኛዋ ይንገዳገዳል፣ ዜማው ግን የአክስቴ ነው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ አለቀስኩ።

«አክስቴ፣» አለችኝ ልጅቷ እኔን፣ ከእናቷ በተማረችው አማርኛ፣ «አሁን ያንቺ ልጅ ታውጣና ቀድታ ትላክልኝ። እኔ እቀበላለሁ።»

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄን ጠራኋት። ስልኳን እንደያዘች መጣች። ነገሩን ስነግራት ወደ እኔም ወደ አክስቴም ተመለከተች።

«የትኛውን ዘፈን?» አለች። «እኔን መቼ አስተማራችሁኝ?»

አክስቴ መጀመሪያ ስልኩ ላይ ያለችውን ልጅ፣ ቀጥላ ፊታችን የቆመችውን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ይቺኛዋስ የየት አገር ልጅ ናት?» አለችኝ።