የፈይሩዝ እጅግ ጨዋ ኢሜይል

ሸዋ ሮቢት በሙቀት ስትቀቀል፣ የምሕንድስና ተማሪዋን ፈይሩዝ ዩኑስን ብርድ ብርድ ይላታል። ወባ አይደለም፤ የፈተና ውጤት ነው።

ጠዋት ወረቀቷን አይታለች። ጥያቄው ከአናቱ ጭነት ያረፈበት፣ ከሦስት ዘንጎች የተገጣጠመ ባለ ሦስት ማዕዘን ትረስ ነበር። ቁጥሮቿ ልክ ናቸው፤ ሁለቱ ዘንባላ ዘንጎች ሰባት ነጥብ አምስት ኪሎኒውተን፣ የታችኛው አራት ነጥብ አምስት። ሦስቱም ላይ ግን ቀይ ኤክስ ተጋድሟል። መምህሩ የሚሳበውን ዘንግ ፕላስ፣ የሚጨመቀውን ማይነስ ይላል፤ እሷ ገልብጣዋለች። ነጥቡ ካልተመለሰ ኮርሱን ትወድቃለች፣ ዓመቱንም ትደግማለች። ካራቆሬ ላይ አባቷ «ኢንጂነሯ ልጄ» እያሉ ለባጃጅ ሾፌር ሳይቀር አውርተው ጨርሰዋል። ቅሬታ የሚቀርበው ደግሞ እስከ ነገ ብቻ ነው።

አገራችን ሰው መብቱን ሲጠይቅ እንደ ሌባ በጣቱ ጫፍ እንዲራመድ ታስተምራለች፤ ፈይሩዝም ጎበዝ ተማሪ ናት። እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ክቡር መምህር የኋላሸት፣ ጤናዎን እየተመኘሁ፣ ስለ ትዕግሥትዎና ስለ ውድ ጊዜዎ እያመሰገንኩ፣ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እየፈራሁ፣ ምልክቶችን በሚመለከት ትንሽ ነገር ስላለችኝ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ በድጋሚ አመሰግናለሁ።»

የዶርም ጓደኛዋ ሙሀባ አንብባ ሳቀች። «እየጠየቅሽው ነው ወይስ ልትድሪው?»

«ቢቀየመኝስ?»

«ቢቀየምሽ ትወድቂያለሽ። ዝም ብትዪም ትወድቂያለሽ። ወላሂ፣ ምርጫሽ ሰፊ ነው!»

እንዳለ ላከችው። መልሱ ማታ መጣ፦ «ምስጋናሽ ደርሶኛል። የፈለግሽው ምንድን ነው?»

ዓይኗን ጨፍና ላከች፦ «መምህር፣ የሚጨመቀውን ፕላስ ብዬ ነው የሠራሁት። በየመጋጠሚያው ያሉት ቀስቶቼ ይህንኑ ያሳያሉ። ቢያዩልኝ።»

በማግስቱ ቢሮው ጠራት። ወረቀቷ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«የሚጨመቀውን ፕላስ ማለትሽን የት ጻፍሽ?»

«አ... አልጻፍኩም።»

«ታዲያ እኔ በምን ልወቅ? ጠንቋይ ነኝ?»

ጣቷን ግራው መጋጠሚያ ላይ አሳረፈች። «ይሄ ዘንባላው ቀስቱ ወደ መጋጠሚያው ነው፤ ይገፋል፤ ፕላስ ብዬዋለሁ። የታችኛው ከመጋጠሚያው ይወጣል፤ ይስባል፤ ማይነስ። በቀኙም እንደዚሁ ነው፣ መምህር።»

መምህር የኋላሸት ወደ ሥዕሉ ጎንበስ አለ። ፋኑ ይንቋቋል። የመጨረሻ መልሶቹን ከመልስ ቁልፉ ጋር አስተያይቶ፣ ሥዕሉን ገረፍ አድርጎ እንኳ ሳያይ ነበር ኤክሱን የደረደረው፤ ዲግሪ ላይ ዲግሪ የተደራረበው ለዚህ ነው።

«ምርጫሽ አያስወቅስም፤ አለመግለጽሽ ነው ጥፋቱ» አለ በመጨረሻ። «ለእሱ አንድ ነጥብ እይዝብሻለሁ። ሌላው ያንቺ ነው።»

«አለፍኩ?»

«አልፈሻል።»

ግቢው መሃል ስትደርስ ቆመች። ያን ሁሉ ምስጋና በኢሜይል የዘራች ልጅ፣ ሰዓቱ ሲደርስ አንዲት «አመሰግናለሁ» ሳይወጣት በሩን ዘግታ ወጥታለች።

«ልመለስ?» አለቻት እዚያ ስትጠብቃት ለነበረችው ሙሀባ፣ እንደገና እየፈራች።

«ተይው» አለች ሙሀባ። «ቀብዱን ከፍለሻል።»