በትንፋሽ የተሰጠ መልስ

በሞላሌ ገበያ፣ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ፣ ባና የሚባለው የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ በሚሸጥበት ተርታ፣ አጭር ፊልም ስንቀርጽ የነበርነውን አንድ በአንድ ልናገር። ባናዋን ዘርግታ የተቀመጠችው ሴትዮ ነበረች፤ ሥራዋ ባና መሸጥ ነው፣ በፊልሙም ያው ባና ሻጭ ናት። ከፊቷ በርኖስ የለበሱ አባት ነበሩ፤ በሰፈራችን የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው፣ በፊልሙም ሽማግሌ ናቸው። የአክስቴ ልጅ ነበረ፤ ታሪኩን የጻፈው እሱ ነው፣ በስልኩ የሚቀርጸውም እሱ። እኔ ነበርኩ፤ የድምፁ ነገር በእኔ ላይ ነበር። የቀረው ገበያተኛ ነው። እሱን የጠራው የለም፣ ግን ከሁላችንም በላይ ጮኋል።

እኔ የሌላ ስልክ መቅጃ ከፍቼ በባናዎቹ እጥፋት መሃል፣ ለሁለቱም አፍ በሚቀርብበት ቦታ ሸጎጥኩት። የማይኩን ቀዳዳ በበግ ፀጉር ሸፈንኩ። የእኛ አገር ንፋስ በቀጥታ ማይክ ከገባ ንግግሩን በጉርምርምታ ይውጠዋል፤ ፀጉሩ ንፋሱን ይሰብርና ቃሉን ያሳልፋል። ከዚያ ከካሜራው ፊት እጄን አጨበጨብኩ፤ በኋላ ምስሉንና ድምፁን የማገጣጥመው በዚያ ጭብጨባ ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ባሏ ሳይነግራት ሙክቷን ሸጦባታል። ሽማግሌው ገበያ ድረስ መጥተው ይቅር ትለው እንደሆነ ይጠይቋታል። ዝም ትላለች። ደግመው ይጠይቃሉ፣ ባና ታጥፋለች። ለመጨረሻ ጊዜ ሲጠይቋት ትመልሳለች። ፊልሙ በሙሉ የተሠራው ለዚያች መልስ ነው።

ቀረጻውን አዲስ አበባ ላለ የአክስቴ ልጅ ጓደኛ ላክንለት። በኢንተርኔት የራሱ ቻናል አለው፣ ፊልማችንንም ሊያሳይልን ቃል ገብቶ ነበር። ስልክ የምጠግንባት ክፍል ውስጥ አራታችንም ተቀምጠን ሳለን ደወለ፤ የአክስቴ ልጅ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው። ምስሉን ወዶታል። ድምፁ ግን አይሆንም አለ፤ ወፍጮው፣ በጉ፣ የመድኃኒት ሻጩ ሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ ሁሉ ገብተውበታል። እዚያ ያለች ተዋናይ የሴትዮዋን ንግግር ስቱዲዮ ገብታ ትናገርላታለች፣ ለሽማግሌውም ሰው አይጠፋም አለ። በክፋት አልነበረም፤ የለመደው አሠራር ነው።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለች። ስልኩን ሳይሆን የአክስቴን ልጅ እያየች ተናገረች።

«ፊቴ እኔ፣ አፌ ሌላ ሰው? ይኼ የቡዳ ሥራ ነው። ወይ ሁለታችንም እንሄዳለን ወይ ሁለታችንም እንቀራለን።»

ሽማግሌው ሳቁ። እሳቸውም አዲስ አበባ በማያውቁት ሰው አፍ ሲያስታርቁ ቢታዩ የሰፈሩ ሰው ዳግም ለሽምግልና እንደማይጠራቸው ተናገሩ። እዚያው ክፍሌ ውስጥ በራሳቸው ድምፅ እንደገና ልንቀዳ ሞከርን። አልሆነም። ሽማግሌው ዳዊት እንደሚደግም ሰው በአንድ ዜማ ወረዱት፤ እሷም ባና ካልያዘች እጇ ብቻ ሳይሆን ድምጿም ሥራ ፈታ። ስለዚህ የገበያውን ድምፅ አጸዳለሁ አልኩ። የሚያምነኝ ይመን፣ የማያምነኝ ይስማ።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። በመጀመሪያ ከሰው ድምፅ በታች ያለውን ወፍራም ጉርምርምታ ቆረጥኩ፤ ንፋሱ አብሮ ሄደ። ቀጥሎ ወፍጮው ነው። ወፍጮ የማይለዋወጥ አንድ ዓይነት ድምፅ ስላለው ለማጽዳት ይመቻል። ሰው የማይናገርበትን ቁራጭ ትመርጣለህ፣ ፕሮግራሙ ጫጫታው ይህ ነው ብሎ ይማረዋል፣ ከዚያ ከጠቅላላው ላይ ይቀንሰዋል። ሞንታርቦው ግን በየቅጽበቱ ይለዋወጣልና በዚህ መንገድ አይያዝም። እሱን ከቃላቱ መሃል ባሉት ክፍተቶች ላይ በእጄ ዝቅ እያደረግሁ ሄድኩ።

ፕሮግራሙ ለሚማርበት ናሙና ስክሪኑ ላይ የድምፁን ማዕበል በዓይኔ አየሁና ጉብታ የሌለበትን ጸጥ ያለ ቦታ መረጥኩ። ወፍጮው ጠፋ። ኢርፎኑን ለሴትዮዋ ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው ሰማች፣ አንዱን ከጆሮዋ ነቅላ ያዘች።

«መልሴስ?»

እዚያ ቦታ ላይ ምንም እንዳልተናገረች ነገርኳት።

«አላልኩም? እሳቸው ይመስክሩ።»

«ብላለች» አሉ ሽማግሌው። «እሺ ብላኛለች። ባትል ኖሮ መቼ ከዚያ እነሣ ነበር?»

ምስሉን ወደ ኋላ መለስኩት። ጥያቄው ሲያልቅ ደረቷ ከፍ ይላል፣ ከንፈሯ ትንሽ ይከፈታል። አየሩን ወደ ውስጥ ስባለች። እኛ ዘንድ እሺ የሚባለው እንደዚያ ነው፤ በሬ ተገኘ ወይ ስትባል፣ እናትህ ደኅና ናት ወይ ስትባል፣ ቃል ሳታወጣ ትንፋሽህን ትስባለህ፣ ነገሩም ያልቃል። እኔ ራሴ በቀን ስንት ጊዜ እንደማደርገው አላውቅም። ዓይኔ ግን ጉብታ ብቻ ነበር የፈለገው። ፕሮግራሙን ጫጫታ ብዬ ያስተማርኩት መልሷን ነበር፤ እሱም የታዘዘውን ከየቦታው አጠፋ። የትንፋሽ ድምፅ ከሰ እና ከሸ ጋር ስለሚቀራረብ እነሱ ያሉባቸው ቃላትም ሁሉ ደንዝዘው ነበር።

«ትንፋሼን ሙልጭ አድርገህ አጥበኸዋል» አለችኝ። «ባና እንኳ እንዲህ አይታጠብም፤ ይሸበሸባል።»

እንደገና ጀመርኩ። ናሙናውን ከጭብጨባው በፊት፣ ስልኩ ባና ውስጥ ተሸጉጦ ማንም ሳይናገር ወፍጮው ብቻ ከሚሰማበት ወሰድኩ። በአንድ ጊዜ ብዙ አልቀነስኩም፤ ብዙ ሲቀነስ ድምፅ ውኃ ውስጥ የተነገረ ይመስላል። ጥቂት፣ ከዚያ እንደገና ጥቂት። ትንፋሹ ያለበትን ቦታ ለብቻው ከፍ አደረግሁት። ወፍጮው ከሩቅ ቀረ። በጉ ከሽማግሌው ጥያቄ ጋር ተደርቦ የጮኸ ነውና እሱን ካወጣሁ ጥያቄው አብሮ ይቆረጣል፤ ተውኩት። ገበያ ነው፣ በግ አለ።

ለሰውዬው ላክንለት። እሱም ንግግርን ከጫጫታ በራሱ በሚለይ መሣሪያ አሳልፎ መለሰልን። ጥርት ያለ ነበር፤ በጉ የለም፣ ወፍጮው የለም፣ ትንፋሹም የለም። መሣሪያው ቃል ያልሆነውን ሁሉ ጥሎታል። እንግዲህ መልስ ስለሌላት ተዋናይቱ «እሺ» የምትለዋን ብቻ ታስገባ አለ። አንዲት ቃል ናት፣ ካልሆነ ግን አላሳየውም አለ።

የአክስቴ ልጅ አየኝ። ፊልሙ እንዲታይለት እንዴት ሲለፋ እንደከረመ አውቃለሁ። ስልኩን ከእጁ ተቀበልኩት። ብዙ አልናገርም እኔ፣ ያን ቀን ግን ተናገርኩ።

«መልሳለች። ካልተሰማዎት ፊልሙን ይመልሱልን።»

መለሰልን። ጓደኛነታቸው እንደነበረ ነው፣ ፊልሙ ግን በዚያ ቻናል አልወጣም።

ከተማዋ ውስጥ ካለ አዳራሽ ፕሮጀክተር ተውሰን በነጭ አቡጀዴ ላይ አሳየነው። ሽማግሌው ለመጨረሻ ጊዜ ሲጠይቁ በጉ ጮኸ፣ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ትንፋሿ ተሰማ። ማንም «ምን አለች?» ብሎ አልጠየቀም። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት «ተመስገን፣ ታረቀች» አሉ። ባና ሻጯ ከፊት ነበረች፤ ዞር ብላም አላየችኝ።

አሁንም ያንኑ ቅጂ ነው የያዝኩት፤ የተለወጠ ነገር የለውም፣ አይለወጥምም። ያን ቀን ገበያ የነበራችሁ ግን የጎደለውን ሙሉልኝ። ወፍጮው ለቅጽበት ዝም ያለበት ቦታ አለ፤ ቀበቶው ተፈትቶ ነው ወይስ እኛን ያየ ሰው አጥፍቶልን? ከሞንታርቦው ጀርባ የምትስቀው ሴት ማን ናት? በጉስ የማን ነበር? ስቀዳ የሰማሁት በአንድ ስልክ ጆሮ ነው፤ በእናንተ በኩል የተሰማውን ንገሩኝ።