ከጥሪ እስከ መነሳት

ከአምቦ ወደ ጌዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ሆኜ ስመደብ ገና ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። የነርስነቱን ሥራ አውቀዋለሁ፤ ሰው ማስተዳደር ግን አላውቅም። ከሠራተኞቹ ሁሉ የምፈራው የአምቡላንሱን ሹፌር ነበር። የአባቴ እኩያ ናቸው፤ ንግግር አያበዙም፤ ሲያዩኝ ደግሞ አንድ ነገር ያጎደልኩ ይመስለኛል።

በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ፣ ሰኔ ላይ፣ የሠራተኞችን የሥራ አፈጻጸም ምዘና ስሞላ የእሳቸው ቅጽ እጄ ገባ። ከእኔ በፊት የነበረው ኃላፊ በዓመቱ መጀመሪያ በግብ ቦታ ላይ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «የአምቡላንስ አገልግሎትን በትጋት መስጠት»። ትጋትን በምን እለካዋለሁ? ሰዎች «ይዘገያሉ» ሲሉ ሰምቼ ነበርና በዚያው ዝቅተኛ ውጤት ሰጠኋቸው። ቅጹን አነበቡት፤ ሳይፈርሙ መልሰው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውት ወጡ።

ሳምንት ሳይሞላ የወረዳው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ጠራኝ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሹፌሩ በግድግዳው በኩል ባለው ወንበር ላይ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ሰብሳቢው በጣም ትሑት ሰው ነበር፤ ትሕትናው ይበልጥ አስፈራኝ። ስንት ጊዜ ዘገዩ፣ መቼ፣ ማን መዘገበው ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ቀን እንኳ መጥቀስ አልቻልኩም።

«እህቴ፣ ያልተለካ ነገር ላይ ነጥብ እንዴት ይሰጣል?» አለኝ።

ውጤቱን ሰረዙት። 

ሐምሌ ገባ፤ አዲሱ የበጀት ዓመት ነው። ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር ተቀምጦ የዓመቱን ግብ መጻፍ የእኔ ሥራ ነበር። የሌሎቹን ጨረስኩ፤ የእሳቸውን ግን ሳምንት ሙሉ ሸሸሁት። በመጨረሻ ራሳቸው በሩን አንኳኩተው ገቡ።

እኔ አስቀድሜ ያዘጋጀሁት ግብ ነበረ፦ ከጥሪው በኋላ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ወላዷ እናት ዘንድ መድረስ። ቁጥር ስላለው ኮርቼበት ነበር። ሹፌሩ አነበቡት። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ መለሱት።

«ሲስተር፣ መንገዱ የእኔ አይደለም። በክረምት ወንዙ ሲሞላ እኔ ምን አደርጋለሁ? መነሳት ግን የእኔ ነው። በመነሳቴ ለኪኝ።»

ልክ ነበሩ። አብረን አስተካከልነው፦ ከአሥር ጥሪ ዘጠኙ ላይ፣ ስልክ ከተደወለ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከግቢ መውጣት። የተደወለበትን ሰዓት ተረኛዋ አዋላጅ ትጽፋለች፤ መኪናው የወጣበትን ሰዓት ደግሞ የበሩ ጥበቃ። አንዱ የሌላውን እንዳይሸፍን መዝገቡ ሁለት ሆነ። መኪናው ጋራዥ የገባበት ቀን አይቆጠርም። በየሦስት ወሩ አብረን እናየዋለን፤ በስድስተኛው ወር ነጥብ ይሰጣል። በኦሮምኛ «ቶሌ»፣ እሺ፣ አሉና ፈረሙ። እኔም ፈረምኩ፤ ፍርሃቴም ትንሽ ቀለል አለኝ።

ኅዳር ላይ ከዞን ተቆጣጣሪዎች እንደሚመጡ ተነገረኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም። እንግዶቹ የሚቀመጡበት ወንበር እንኳ አልነበረንም። ጠዋት ሹፌሩን ጠርቼ ወንበር ከወረዳው ጽሕፈት ቤት እንዲያመጡ ላክኋቸው። በአምቡላንስ። ትንሽ ቆም ብለው አዩኝ፤ «ጥሪ ቢመጣስ?» አሉ። ቶሎ እንዲመለሱ ነገርኳቸው።

እሳቸው ከወጡ ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ከገጠር ቀበሌ ነው፤ አንዲት እናት ወልዳለች፣ ደሙ ግን አልቆመም። ሹፌሩ ጋ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ግቢው መሃል ቆሜ በሩን በሩን አይ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹም ደረሱ፤ ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። መኪናው ወንበሮቹን ጭኖ ሲገባ ከጥሪው በኋላ ሃምሳ ደቂቃ አልፎ ነበር። ሹፌሩ ወንበሮቹን ራሳቸው ወደ መሬት እየወረወሩ አራግፈው አዋላጇን ይዘው ሄዱ።

ሴትየዋ ስትመጣ ፊቷ አመድ መስሏል። ግሉኮስ ሰቅለን ወደ አምቦ ሆስፒታል ላክናት። በማግስቱ ወንድሟ መጣ። በኦሮምኛ ነበር የሚናገረው፤ ድምፁን ሳያነሳ፣ ሹፌሩን ፊት ለፊት እያየ፦ እህቴ ብትሞት ከአንተ ነው የምጠይቀው አላቸው። ሹፌሩ መሬት መሬቱን አዩ። እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። የላክኋቸው እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ፈራሁ፤ ወንድሟንም፣ ወረዳውንም፣ ራሴንም።

ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር የሞቷን ወሬ እየጠበቅሁ ደነገጥኩ። በአራተኛው ቀን መትረፏን ሰማን። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ነገሩ ያለፈ መሰለኝ።

ጥር ላይ ግን የስድስት ወሩ ምዘና ደረሰ። ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ዘርግቼ መቁጠር ጀመርኩ። አርባ ጥሪ ነበር፤ ስድስቱ ከአሥር ደቂቃ በላይ ዘግይተዋል። አምስቱ የእሳቸው ናቸው፤ ስልካቸው ተዘግቶ ወይም ለምሳ ቤታቸው ሄደው። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ጥበቃው በተንጋደደ ጽሕፈቱ «መኪናው ለወንበር ተልኮ ነበር፤ ያዘዙት ኃላፊዋ» ብሎ ጽፏል። ሰው ከኋላዬ ቆሞ የሚያነብብኝ ያህል ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ገጹ በቀላሉ የሚነቀል ነበር፤ አሰብኩትም። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ሹፌሩ ሲገቡ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። ከእኔ ቀድመው ተናገሩ። እሳቸውም በኪስ ደብተር ይመዘግቡ ኖሯል።

«ስድስት ዘግይቻለሁ። ዘጠና አልሞላም፤ አውቃለሁ።»

ስድስተኛውን አላነሱም። ኮሚቴ ፊት ያፈርኩበትን ቀን፣ ያንን ወንድም፣ ሁሉንም ሊያነሱብኝ ይችሉ ነበር። እንደምንም ብዬ ነገርኳቸው፦ «ጋሼ፣ አንዱ የእርስዎ አይደለም። የእኔ ነው። ያን ቀንም መናገር ነበረብኝ።»

እሱን ስናወጣው ከሠላሳ ዘጠኝ ሠላሳ አራት ሆነ፤ ሰማንያ ሰባት በመቶ። አሁንም ከግባቸው በታች ነው፤ ያንኑ ጻፍኩ። ክርክር አልነበረም። ካልኩሌተሩን ራሳቸው ወስደው ደግመው አሰሉት፤ ፈረሙ። ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ በኋላ የኅዳሩን ቀን ጽፌ ለወረዳው አለቃዬ አስገባሁ። ሴትየዋ ወደ ቤቷ ተመልሳ ስለነበር ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለወንድሟም ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ ወደ ከብቶቹ ሄደ። ከአለቃዬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ የዓመቱ ውጤቴም ወረደ። ስፈራው የኖርኩት ነገር ይኸው ነበር።

በሚቀጥለው ሐምሌ በራሴ ቅጽ ላይ አንድ ግብ ጨመርኩ፦ አምቡላንሱን ከሕሙማን ውጭ ለሌላ ሥራ የላክሁበት ጊዜ፣ ዜሮ። ለሹፌሩ አሳየኋቸው። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አነበቡና፣ የሚመዘግበው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ።