የእትዬ አሳየች ቅል

በደርግ ዘመን፣ ናዝሬት ዳርቻ በነበረ አንድ ትንሽ የወተት ማኅበር፣ ሸዋወርቅ ወተት ተረካቢ ነበረች። አታደላም ይባልላት ነበር፤ እሷም ይህን ስም ትወደዋለች። አባላቱን ያስተማረችውም እሷው ናት። «እጃችሁን ታጠቡ፤ የላሚቱን ጡት በለብ ያለ ውሃ አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ። የመጀመሪያዋን ጠብታ በሌላ ዕቃ አልባችሁ እዩ፤ ከጓጎለ አታምጡት። በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉና ዕቃውን ጥላ ሥር፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሙ፤ ትኩሱን ከቀዘቀዘው አትቀላቅሉ። የናዝሬት ሙቀት ለወተት አይራራም!»

ዕቃውንም በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቆ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈትጎ፣ የፈላ ውሃ አፍስሶበት፣ ደፍቶ ማድረቅ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል።

እትዬ አሳየች ግን ወተታቸውን በቅል ያመጡ ነበር። አንዲት ላም ያለቻቸው ባልቴት ናቸው፤ ሸዋወርቅ በሕፃንነቷ እናቷ ታማ ጡቷ ሲነጥፍ ያሳደጋት የእሳቸው ላም ወተት ነው። ቅሉ በወይራ የታጠነ ነው፤ ሽታው ያውዳል። ታጥቦ ቢታጠን ክፋት አልነበረውም፤ ነገር ግን አፉ ጠባብ ነው፣ እጅ አይገባበትም፤ ከውስጥ የተጣበቀውን የድሮ ወተት ጢስ አያወጣውም፣ ይሸፍነዋል እንጂ።

አንድ ጠዋት ሸዋወርቅ እንደ ልማዷ ወተታቸውን ከእኩል አልኮል ጋር ቀላቀለችው። ነጫጭ ቅንጣቶች ብቅ አሉ፤ ወተቱ ሊበላሽ ጀምሯል ማለት ነው። ከኋላ ሰልፉ ረጅም ነው። ይሉኝታ ያዛትና «ለዛሬ ብቻ» ብላ የሁሉም ወተት ወደሚጠራቀምበት ትልቅ ቢዶን ገለበጠችው።

ቀን ላይ ወተቱን የሚገዛው ሆቴል ሲያፈላው ድስት ሙሉው ወተት ተቆራረጠ። ሆቴሉም ውሉን አፈረሰ።

በማግስቱ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነጋሳ ራሱ ቆሞ የእያንዳንዱን ወተት ፈተነ። የእትዬ አሳየችን ሲያይ በሰው ሁሉ ፊት ጮኸ። «ለካ እርስዎ ነዎት ያዋረዱን! ከእንግዲህ ወተትዎን አንቀበልም!» ሸዋወርቅ አጎንብሳ ቢዶን ትከድን ነበር።

ማታ ቤታቸው ሄደች። እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ወተቱ መበላሸቱን ትናንት አይተሽ ነበር?» አሏት።

«አይቻለሁ፣ እትዬ። ላሳፍርዎ አልፈለግሁም።»

«ዕቃዎን ይጠቡ ብትይኝ የምቀየምሽ መሰለሽ?» እሳቸው ድምፃቸውን አላነሱም። «ለብቻዬ ብትነግሪኝ ዕቃውን እለውጠው ነበር፣ ልጄ። አንቺ ዝም ስላልሽ ነው ነጋሳ የጮኸብኝ።»

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

በሳምንቱ እትዬ አሳየች ወተቷን የሚረከባቸው ስላጡ ላሚቱን ወለንጪቲ ገበያ ሸጧት። ሸዋወርቅ ከዚያ በኋላ ወተቱ የተበላሸበትን ማንንም ቢሆን ገለል አድርጋ፣ ሳትውል ሳታድር ትነግር ጀመር። እትዬ አሳየች ግን ስታገኛቸው «ደህና ነሽ?» ብቻ ብለዋት ያልፋሉ፤ «ልጄ» አይሏትም።